የሁለት ሳንቲም ጉዳይ፦ ከሒሳብ ሥራ ወደ ሶፍትዌር በ35 ዓመቷ

ድሬዳዋ ውስጥ ለነጋዴዎች የሒሳብና የፔሮል፣ ማለትም የደመወዝ ስሌት ፕሮግራም በምትሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ስድስት ሰዎች ነን። የዚህ ጉዳይ ባለቤት አሁን ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነው የምትቀመጠው። ልጻፈው ብዬ ስጠይቃት «ስሜንና የድሮ መሥሪያ ቤቴን ካላነሳህ ጻፈው። ግን የተበላሸውንም ጻፍ» አለችኝ። እሺ ብያታለሁ።

ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሙያዋን መቀየሯ አይደለም። የሚቀይር ሞልቷል። አብዛኛው ግን ሲቀይር ደመወዙ በግማሽ ይወርዳል፣ ከሃያ ሁለት ዓመት ልጆች ጋር ይሰለፋል። እሷም መጀመሪያ ወደዚያው እየሄደች ነበር። ከዚያ መንገድ ያወጣት ነገር ነው የሚጠቅመው።

## የነበረችበት

በ2014 መጨረሻ 34 ዓመቷ ነበር። ከጅቡቲ ሸቀጥ አስገብቶ በድሬ፣ በሐረርና በጅግጅጋ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ናት። በሒሳብ ሥራ 12 ዓመት ሠርታለች። ያልተጣራ ደመወዟ 22,000 ብር ሲሆን ሁለት ልጆች አሏት። ከእሷ በላይ ያለው ወንበር የባለቤቱ ልጅ ነበር፤ ስለዚህ የምታድግበት ቦታ አልቀረም። ወር ሲዘጋ ደግሞ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ቢሮ ታመሻለች።

## የመጀመሪያው ሙከራ

ሰው የሚያደርገውን አደረገች። ማታ ማታ የዌብሳይት ሥራ ኮርስ ጀመረች። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት፣ በድሬ ሙቀት ቬንትሌተር አጠገቧ እየጮኸ። በስምንት ወር አንድ የምግብ ቤት ገጽ፣ አንድ የሥራ ማስታወሻ ፕሮግራምና አንድ ካልኩሌተር ሠራች። ከእሷ ጋር የሚማረው ሁሉ የሠራው እነዚህኑ ሦስቱን ነበር።

አሥራ አንድ ቦታ አመለከተች፤ ሁለት መልሰው ደወሉ። አንዱ ስድስት ወር በተለማማጅነት በ8,000 ብር፣ ያውም አዲስ አበባ ሄዳ እንድትሠራ ጠየቃት። ሌላው ቃለ መጠይቅ ላይ ከአንድ ጥያቄ በላይ አልሄደም። «ከሒሳብ ለምን ትሸሻለሽ?»

ያን ጊዜ የላከችውን ሲቪ በኋላ አሳይታኛለች። አሥራ ሁለቱ ዓመት በአንድ መስመር ታጭቆ ከታች ተቀምጧል። ሦስቱ መለማመጃዎች ደግሞ ከላይ በትልቅ ፊደል። «የማይመለከተውን አሳጥሪ» ብሎ የመከራት ሰው ነበር። እኔ ያንን ሲቪ ባገኘው ለተለማማጅነት እንኳ አልጠራትም ነበር፤ የሚሸጠውን ደብቃ የማይሸጠውን ነበር ያወጣችው።

## ሪኮንሲሌሽኑ

መንገዱ የተቀየረው ሳታቅድ ነው። ድርጅቱ በሦስት ባንክ ሒሳብ ነበረው፤ በወር ወደ 400 እንቅስቃሴ አለ። የባንኩን ስቴትመንት ከመዝገብ ጋር ማስታረቅ በየወሩ አራት ቀን ይፈጅባት ነበር። አንድ ቀን በማስመሪያ መስመር በመስመር እያየች ሳለ «ይሄንን እኮ ኮድ ሊሠራው ይችላል» ብላ አሰበች። ፓይተን ከኮርሱ ውጭ ለሦስት ሳምንት ቀምሳ ነበር።

ለባለቤቱ ነገረቻቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምትላቸው። «የኔ ልጅ፣ ኮምፒውተሩ ቢሳሳት ባንኩ የሚጠራው እኔን ነው» አሏት። ተስማሙ፤ ለሦስት ወር በእጅም በፕሮግራምም ጎን ለጎን ይሠራል።

የመጀመሪያው ፕሮግራም የሚያዛምደው በብር መጠን ብቻ ነበር። ከ400ው ወደ 370 አዛመደ። እሷም ደስ አላት፣ ጋሼም ደስ አላቸው። በሁለተኛው ወር አንድ የሐረር አቅራቢ ደወለ። «ቼኩ ጠፍቶብኛል፣ ሌላ ጻፉልኝ።» ሪፖርቷን ስታይ ቼኩ ተመንዝሯል ይላል። ሰውየው አልመነዘርኩም ብሎ ይምላል። የባንኩን ወረቀት አውጥታ ስታገላብጥ እውነቱ የእሱ ሆነ። በዚያው ሳምንት 50,000 ብር የተጻፈባቸው ሁለት ቼኮች ነበሩ። አንዱ ተመንዝሯል፣ አንዱ አልተመነዘረም። ፕሮግራሙ ያልተመነዘረውን «ተመንዝሯል» ብሎ ምልክት አድርጎበታል።

ይህ ስህተት ክፉ የሆነው ድምሩ ልክ ስለሆነ ነው። ያልተመነዘሩ ቼኮች ድምር ላይ አንድ 50,000 አለ፤ መኖርም ያለበት አንድ 50,000 ነው። የትኛው እንደሆነ ብቻ ነው የተሳሳተው። ከሁለት ዓይነት ፈታኝ በቀር ማንም አያገኘውም፤ አንዱ ዝርዝሩን አንድ በአንድ የሚያይ ኦዲተር ነው፣ ሌላው ገንዘቡ የራሱ የሆነ ሰው ነው።

መጀመሪያውኑ በቼክ ቁጥር ለምን አላዛመደችም? ሞክራ ነበር። ባንኩ ቁጥሩን ከፊቱ ዜሮ ደርድሮ 00004512 ብሎ ይልካል። የእሷ ኤክሴል ደግሞ ዜሮዎቹን በልቶ 4512 ያደርገዋል። አልገጥም ሲላት ተወችው። ከአቅራቢው ስልክ በኋላ ተመለሰችበት። ከሁለቱም ወገን የፊት ዜሮዎችን አነሳች። ከዚያ ቅደም ተከተል አወጣች፤ መጀመሪያ በቼክ ወይም በማጣቀሻ ቁጥር፣ ካልተገኘ በብር መጠንና በሦስት ቀን ልዩነት። ሁለት ተመሳሳይ እጩ ከተገኘ ግን ፕሮግራሙ አይመርጥም፣ ለሰው ይተወዋል።

አዲሱ ፕሮግራም ያዛመደው 340 ያህል ነው፤ ከበፊቱ ያነሰ። የቀሩትን 60 በእጇ ታየዋለች። አራት ቀን የነበረው ግማሽ ቀን ሆነ። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ትልቁ ያ የቀነሰው ቁጥር ነው። ጀማሪ ፕሮግራመር 370ውን ወደ 390 ለማድረስ ነበር የሚታገለው።

## ሁለት ሳንቲም

ወደ እኛ የመጣችው በ2016 ነው። ለሁሉም አመልካች የምንሰጠው አንድ ፈተና አለ። የሦስት ሠራተኞች ደመወዝ ተሰጥቷል፤ ከሠራተኛው የሚቆረጠውን 7 በመቶ ጡረታ አስልተህ ለእያንዳንዱ ወረቀት አውጣ፣ ከታች ጠቅላላ ድምር አሳይ። ሦስቱም ወሩ ሲጋመስ የተቀጠሩ ናቸው። የወር ደመወዛቸው 9,175 ስለሆነ ለ15 ቀን 4,587.50 ይደርሳቸዋል። ሰባት በመቶው 321.125 ነው።

ልጆቹ በአሥር ደቂቃ ይጨርሱታል። ፓይተን የሚመልሰው ይኸውላችሁ፦

```
>>> round(321.125, 2)
321.12
>>> round(963.375, 2)
963.38
```

በእያንዳንዱ ሠራተኛ ወረቀት ላይ 321.12 ይወጣል። ሦስቱ ሲደመሩ 963.36 ናቸው። ከታች ያለው ጠቅላላ ግን ያልተጠጋጋው ተደምሮ፣ ከዚያ ተጠጋግቶ 963.38 ይላል። ሁለት ሳንቲም ልዩነት አለ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ፓይተን ልክ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ወደ ላይ አያጠጋጋም፤ ወደ ጎደሎ ያልሆነው አሃዝ ነው የሚሄደው። እኛ በእጅ ስንሠራ 321.13 ነበር የምንለው። ሁለተኛው፣ አጠጋግቶ መደመርና ደምሮ ማጠጋጋት አንድ አይደሉም።

ከእሷ በፊት የተፈተኑት ልዩነቱን አላዩትም፤ ያየው አንዱም «ሁለት ሳንቲም ናት» ብሎ አለፋት። እሷ ኮዱን ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀባት፤ ቀርፋፋ ነበረች። ከዚያ ግን ወረቀቱን ገፋ አድርጋ «ይሄ አይዘጋም» አለች። «ምኑ?» አልኳት። «ጆርናሉ። የደመወዝ ወጪ ዴቢት፣ የተጣራ ክፍያ፣ ግብርና ጡረታ ክሬዲት። ክሬዲቱን ከጠቅላላው ከወሰድኩ ከባንክ ሊስቱ፣ ለባንክ ከሚላከው የክፍያ ዝርዝር ጋር ሁለት ሳንቲም ይለያል። በየወሩ ይለያል። ኦዲተር ሲመጣ ሁለት ሳንቲም አይደለም የሚጠይቀኝ፣ ለምን እንደሆነ አስረጂ ነው የሚለኝ።»

ቀጥላ መፍትሔውን ጻፈች። እያንዳንዱ መስመር ለየብቻው ይጠጋጋል፣ ግማሽ ሲሆን ወደ ላይ። ጠቅላላው የተጠጋጉት ድምር ብቻ ነው፤ ለብቻው አይሰላም። እንደ እሷ አሠራር 963.39 ይሆናል፣ ከሦስቱ ወረቀትም ከባንክ ሊስቱም ጋር ይገጥማል።

አቦ፣ እውነቱን ልናገር። በዚያን ጊዜ እየተጠቀምንበት የነበረው የራሳችን ፕሮግራም ያንኑ ስህተት ይሠራ ነበር። አንድ ደንበኛችን ለዓመት ያህል ሲያማርር «የሳንቲም ጉዳይ ነው» እያልን ስንመልሰው ቆይተናል።

## ድርድሩ

ቢሆንም መጀመሪያ የሰጠናት ሐሳብ «ጁኒየር ዴቨሎፐር፣ 12,000 ብር» ነበር። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮድ በመጻፍ ፍጥነቷ መዘንኳት፤ በዚያ ሚዛን ጁኒየር ናት።

አልተቀየመችም፣ አልተሟገተችም። ጥያቄ ጠየቀችን። አዲስ ደንበኛ ስታስገቡ የመክፈቻ ሒሳቡን ለማዛወር ስንት ጊዜ ይፈጅባችኋል? ሦስት ሳምንት አልናት። ስንት ጊዜ ይመለሳል? ብዙ ጊዜ። የደንበኛው ሒሳብ ሠራተኛ አልገጠመም እያለ ይመልሰዋል። «እሱን ስጡኝ» አለች። ከዓመት ፈቃዷ አምስት ቀን ወስዳ የአንድ ደንበኛ ሒሳብ አዛወረች። የተሰብሳቢውን ሒሳብ ዝርዝር ከዋናው መዝገብ፣ ከሌጀሩ ጋር ሳታስታርቅ ምንም ነገር ወደ ሲስተሙ አላስገባችም። በአራተኛው ቀን ጨረሰች። አልተመለሰም።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ደመወዟ እንደነበረው 22,000። የሥራ መደቧ የሒሳብ ሥርዓት ትግበራ ባለሙያ፤ ዴቨሎፐር የሚል ቃል የለውም። ግማሽ ጊዜዋ የደንበኛ ትግበራ፣ ግማሹ በፔሮል ሞጁሉ ላይ ኮድ። ስድስት ወር ሲሞላ ኮዷ ታይቶ መደቡም ደመወዙም እንደገና ይታያል። ይህ የመጨረሻው በቃል ሳይሆን በውሉ ውስጥ እንዲገባ የጠየቀችው እሷ ናት።

የድሮ መሥሪያ ቤቷን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥታ ለቀቀች። የሪኮንሲሌሽኑን ፕሮግራም እዚያው ተወችው፤ በሥራ ሰዓት ለእነሱ የሠራችው ነው። ለእኛ ያሳየችን በሐሰተኛ ስምና ቁጥር ቤቷ እንደ አዲስ የጻፈችውን ነው። ይህን ከብዙ ነገር በላይ ወደድኩት፤ የሰው የባንክ ስቴትመንት በፍላሽ ይዞ የሚመጣ አመልካች አይቼ አውቃለሁ።

ሁሉም ነገር ግን አልተሻገረም። የጡረታ አገልግሎቷ ተከትሏት መጥቷል። የዓመት ፈቃዷ ግን 21 ቀን ደርሶ የነበረው ወደ 16 የሥራ ቀን ተመለሰ። ለ60 የሥራ ቀን ሙከራ ላይ ነበረች። ባይሳካ የምትመለስበት ወንበር አልነበራትም፤ ስለዚህ ከመልቀቋ በፊት የአራት ወር የቤት ወጪ አስቀምጣለች።

## የተበላሸው

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቀላል አልነበሩም። ኮዷ ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ነበር፣ ወደ 900 መስመር። ለእሷ ይሠራል፤ ሌላ ሰው ግን አያነበውም። የለውጥ ታሪክ አትይዝም ነበር፤ ፋይሉን ገልብጣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ እውነተኛ» ብላ ታስቀምጣለች፣ ልክ በኤክሴል እንደለመደችው። አንድ ቀን የድሮውን ለደንበኛ ጫነች። የሁለት ቀን ሥራ ጠፋ።

ሌላው ቀኑ ነው። ቫውቸሮቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ስቴትመንቱ በአውሮፓ። እሷ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብላ ጽፋ ነበር። 2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ከዚያ እስከ የካቲት ድረስ ቀኖቹ ሁሉ በአንድ ተዛንፈዋል። የሦስት ቀን ልዩነት ፈቅዳ ስለነበር ስህተቱ ተደብቆ ቆየ። የወጣው ለእኛ እንደ አዲስ የጻፈችውን ስንፈትሽ ነው። ልቅም ያለች ሒሳብ ሠራተኛ ጳጉሜን ረሳች ብለን አሁንም እንስቃለን።

እኔም አጥፍቻለሁ። ደንበኛ በደወለ ቁጥር እሷን እልካለሁ፤ ሒሳብ የሚገባት እሷ ናታ። ግማሽ ጊዜዋ ኮድ የተባለው ወደ ሩብ ወረደ። አምስተኛው ወር ላይ ውሉን አውጥታ አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ስልኳ ጠፍቶ ይውላል። ያ ባይሆን ኖሮ ዛሬም የኮምፒውተር ቢሮ ውስጥ የተቀመጠች ሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ይህ መንገድ ትልቁ አደጋው ይሄ ይመስለኛል፤ ያስገባህ ሙያ መልሶ ይጎትትሃል።

## ሐምሌ 2017

በስድስተኛው ወር ኮዷን አየን፤ መደቧ ወደ ዴቨሎፐር፣ ደመወዟ ወደ 27,000 ተቀየረ። የፔሮል ሞጁሉን እንደገና የጻፈችው እሷ ናት። የግብር ሰንጠረዡን ከኮዱ አውጥታ «ከዚህ ቀን ጀምሮ» የሚል ዓምድ ባለው የዳታ ዝርዝር ውስጥ አስቀመጠችው። ያኔ ትርፍ ሥራ መስሎኝ ነበር። «ሰንጠረዡ ለዓመታት አልተለወጠም እኮ» አልኳት። «ስለዚህ ይለወጣላ» አለችኝ።

ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ተለወጠ። ለምሳሌ ደመወዙ 12,000 የሆነ ሰው በድሮው 35 በመቶ ተሰልቶ 1,500 ሲቀነስ 2,700 ብር ግብር ይከፍል ነበር። በአዲሱ 30 በመቶ ሆኖ 1,350 ይቀነስና 2,250 ይሆናል። 840 ብር ጡረታው ሲወጣ የተጣራው ከ8,460 ወደ 8,910 ከፍ አለ። አዲሶቹን ረድፎች አስገባች፣ በሁለት ደንበኞች ደመወዝ ሞከረች፣ በአንድ ቀን አለቀ። ነሐሴ ላይ አንድ ደንበኛ የሰኔን የደመወዝ ወረቀት እንደገና ላትም ሲል በድሮው ሰንጠረዥ ወጣለት። ሰንጠረዡ ኮዱ ውስጥ ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ የሰኔውም በአዲሱ ነበር የሚወጣው።

## ለሌላው የሚተርፈው

ከዚህ ጉዳይ የማወጣው አንድ ዋና ነገር ነው። እሷ ሙያዋን፣ መሥሪያ ቤቷንና የምታውቀውን ዓይነት ሥራ በአንድ ጊዜ አልቀየረችም። መጀመሪያ መሣሪያዋን ቀየረች፤ ሥራውም ወንበሩም ያው ነበር። ቀጥላ ወንበሩን ቀየረች፤ የምትሠራው ግን አሁንም ሒሳብ ነው። ኮዱ ዋና ሥራዋ የሆነው በመጨረሻ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ከሚከፍላት ሰው የበለጠ የምታውቀው አንድ ነገር ነበር።

ገደብም አለው። ይህ የሠራው የሒሳብ ሶፍትዌር ወደሚሠራ ቤት ስለሄደች ነው። የሞባይል ጌም ወይም የኔትወርክ ሥራ ብትፈልግ ኖሮ አሥራ ሁለቱ ዓመት ብዙም አይገዛላትም ነበር። ደግሞ እንደ እኛ ያለ ቤት ድሬ ውስጥ ብዙ የለም። ቢሆንም የኤክሴል ፔሮል የሚያሠቃየው ነጋዴ ከቀፊራ እስከ ሳቢያን ሞልቷል።

ባለፈው ወር አንድ የመጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ወደ ቢሮ መጣ። ዕድሜው 36 ነው። «የትኛውን ቋንቋ ልማር?» ብሎ ጠየቃት። «በወር ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያቃጥልህ ሥራ የቱ ነው?» አለችው። ቆጠራ ነው አላት፤ አንዱ የውኃ ቱቦ በሰባት ዓይነት ስም ተመዝግቦ አይገጥምለትም። ስሞቹን በአንድ ፋይል እንዲለቅምና እንዲመጣ ነገረችው። ማክሰኞ ከሰዓት ተመልሶ መጣ። ሰባት ያለው ቱቦ አሥራ አንድ ስም ነበረው።